አንድ መስመር፣ አራት ቀነ ገደብ

መልእክቱ አንድ መስመር ነበር። ሰኞ፣ ማርች 18 ቀን 2024፣ ኒው ዮርክ ያለው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ለሦስታችን በእንግሊዝኛ ላከው፦

```
Please send all final files by 04/05/24, 12 AM EST.
```

የመጨረሻዎቹን ፋይሎች እስከዚህ ቀንና ሰዓት ላኩልኝ ነው የሚለው። ሦስታችንም አነበብነው። ሦስታችንም «ደርሶኛል» ብለን መለስን። ጥያቄ የጠየቀ የለም፤ ግልጽ ያልሆነለት ሰው አልነበረማ። ከ18 ቀን በኋላ ነው ነገሩ የገባን። ያቺ መስመር በአራት ሰዎች ዘንድ አራት የተለያየ ቀነ ገደብ ሆና ኖራለች።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ራሴ አጻጻፍ ልናገር። እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ወሩን ኤፕሪል የምለውም ለዚህ ነው። ሚያዝያ ብለው ግን ሌላ ቀን ይሆናል፤ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 የዋለው ኤፕሪል 13 ቀን 2024 ላይ ነውና። ሰዓቶቹን ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከ00:00 እስከ 23:59 በሚሄደው አቆጣጠር እጽፋለሁ። «አንድ ሰዓት» ብዬ ብጽፍ አንዱ 07:00 ነው ይላል፣ ሌላው 01:00 ይላል። በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ።

ሥራው ምን ነበር

ለአንድ ገንዘብ ሰጪ ድርጅት የሚቀርብ ፕሮፖዛል ነበር። አራት ነን። አስተባባሪው ኒው ዮርክ ነው። በጀቱን የምትሠራው ባልደረባችን ለንደን ናት። የቴክኒክ ዕቅዱን የሚያዘጋጀው ሕንድ ነው። እኔ ዋናውን ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ ያለሁበት አገር ከዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ዓመቱን ሙሉም አይለወጥም።

ፕሮፖዛሉ የሚገባው በፖርታል ነው። ፖርታሉ ዓርብ፣ ኤፕሪል 5፣ በኒው ዮርክ 17:00 ላይ ራሱን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ አይሠራም፣ የሚለመንም ሰው የለም። ይህን የሚያውቀው አስተባባሪው ብቻ ነበር፤ የፖርታሉ አካውንት ያለው እሱ ብቻ ነዋ። እኛም የምናውቅ መስሎት ነበር። የእሱ ዕቅድ ቀላል ነው። ፋይሎቹ ሐሙስ ሌሊት ይገባሉ፣ ዓርብ ጠዋት አንድ ላይ ያደርጋቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ያስገባል።

ዓርብ ጠዋት በኒው ዮርክ 08:00 ላይ ማኅደሩን ሲከፍት አንድ ፋይል ብቻ አገኘ፤ የሕንዱን። እሱም ቢሆን በአስተባባሪው ሰዓት 00:45 ላይ የገባ ነው፤ 45 ደቂቃ አልፎ ማለት ነው። የእኔ የለም። የበጀቱም የለም።

ስልኬ ሲጮኽ በእኔ ሰዓት 15:05 ነበር። ድምፁ እንደተቆጣ ያስታውቃል፤ እኔ ደግሞ የተቆጣበት ምክንያት አልገባኝም። በእኔ ቤት ገና 16 ሰዓት ቀርቶኛል። ያንን ስነግረው ዝም አለ። ቀጥሎ ለንደን ደወለ። እሷ ደግሞ የቀራት አንድ ወር ገደማ ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። እኔ የነበረኝን ጽሑፍ አጣድፌ 18:40 ላይ ላክሁ። ለንደን ያለችው ባልደረባችን ዋናውን የበጀት ሰንጠረዥ በእሷ ሰዓት 20:10 ላይ አደረሰች፤ የወጪ ዝርዝሩ አባሪ ግን ያለ ዋጋ ማስረጃ በአንድ ቀን የሚሠራ አይደለም። ፕሮፖዛሉ በኒው ዮርክ 16:41 ላይ፣ ያለ አባሪው፣ ገባ። በሜይ ወር መልስ መጣ። ሰነዱ ያልተሟላ ስለሆነ ለግምገማ አልቀረበም።

ማን ምን ብሎ አነበበው

ከዚያ ዓርብ በኋላ የመጀመሪያው ስብሰባችን ማን ጥፋተኛ ነው ወደሚል ክርክር ሊሄድ ነበር። እኔ አንድ ነገር ጠየቅሁ። እያንዳንዳችን፣ የሌላውን ሳናይ፣ ያቺን መስመር እንዴት እንደተረዳናት በወረቀት እንጻፍ። ቀኑን በስሙ፣ ሰዓቱን በራሳችን የግድግዳ ሰዓት። ይህን እስከ ዛሬ እንደ ትክክለኛ እርምጃ ነው የማየው። ሰው መልሱን ከሰማ በኋላ «እኔም እንዲያ ነበር ያሰብሁት» ማለቱ አይቀርምና።

ውጤቱ ይህ ነው። አስተባባሪው፦ ሐሙስ አልቆ ዓርብ ኤፕሪል 5 ሲጀምር፣ በኒው ዮርክ 00:00። እኔ፦ ዓርብ ኤፕሪል 5 ሲያልቅ፣ ማለትም ቅዳሜ በእኔ ሰዓት 07:00። ለንደን፦ ሜይ 4። ሕንድ፦ ዓርብ ኤፕሪል 5፣ በእሱ ሰዓት 10:30። የእሱ ቀን ከአስተባባሪው ጋር ይገጥማል፤ ሰዓቱ ግን በአንድ ሰዓት ይዘገያል።

አራቱም ንባብ ከመስመሯ ይወጣል። አንዱም ሰው ቸልተኛ አልነበረም። ስለዚህ መስመሯን በየቁራጩ ፈታናት።

ቀኑ፦ 04/05/24

አሜሪካ ውስጥ ወር ይቀድማል፣ ብሪታንያ ውስጥ ቀን ይቀድማል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስበው ግን አደጋው በየትኞቹ ቀኖች ላይ እንዳለ ነው። 04/25/24 ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም፤ 25ኛ ወር የለም። 04/04/24 ቢሆንም በየትኛውም በኩል ያው ነው። የሚያሳስተው ቀኑ ከ1 እስከ 12 ሆኖ ከወሩ ቁጥር ሲለይ ነው። ቁጠሩት፤ በየወሩ 11 ቀን፣ በዓመት 132 ቀን ይመጣል። ከሦስት ቀን አንዱ በላይ ነው። ችግሩን ክፉ የሚያደርገው ይኸው ነው። በቀሪዎቹ ቀኖች አጻጻፉ በደህና ስለሚሠራ ሰው ይተማመንበታል።

የለንደኗ ባልደረባችን ሌላም ነገር ነበረባት፤ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትምህርት የሰጠኝ ይህ ነው። እሷ ቀኑን አይታ ብቻ አልተቀመጠችም። አጣርታለች። አስተባባሪው ከመልእክቱ ጋር የሥራ ዝርዝሩን በ`CSV` ፋይል ልኮ ነበር። ውስጡ ሦስት ቀኖች አሉ፦

```
Outline,03/25/24
First draft,03/29/24
Final files,04/05/24
```

ይህን በኤክሴል ከፈተችው። `CSV` ተራ ጽሑፍ ነው፤ የትኛው ቁጥር ወር እንደሆነ የሚናገር ነገር በውስጡ የለም። ኤክሴል የሚወስነው በኮምፒውተሩ የአገር ቅንብር ነው። የእሷ ኮምፒውተር ደግሞ ቀንን ያስቀድማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አየና 25ኛ ወርና 29ኛ ወር ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ተዋቸው። ሦስተኛውን ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሜይ 4 አደረገው። አጠገቡ የቀሩትን ቀኖች የሚቆጥር ቀመር ጽፋ ነበር፤ 47 አላት። ትክክለኛው 18 ነው። ስለዚህ ስታጣራ ስህተቷ ተረጋገጠላት።

ምልክቱ ግን ሰንጠረዡ ላይ ነበር። አሰላለፉን ሰው ካልነካው፣ ኤክሴል ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፣ ጽሑፍ ያለውን ወደ ግራ። በዚያ ዓምድ ሁለቱ ቀኖች ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተጠግተው ነበር። በሁለቱ ረድፎች ላይ ቀመሩ `#VALUE!` ብሎ ነበር። እሷ ቀመሩ የተበላሸ መስሏት አለፈችው። አሁን ሁላችንም የምናየው መጀመሪያ ይህን ነው። ከሌላ አገር በመጣ ፋይል ውስጥ በአንድ ዓምድ ያሉ ቀኖች ከፊሎቹ ግራ ከፊሎቹ ቀኝ ከሆኑ፣ ወደ ቀኝ ያሉት ተገልብጠው ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጽሑፍ ሆነው በቀሩት ላይ አይደለም፤ እነሱ ቢያንስ ያልተነኩ ናቸው። ደህና የሚመስሉት ናቸው የሚያታልሉት።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ ወሰድን። ሰው በሚያነበው መልእክት ውስጥ ወሩ በፊደል ይጻፋል፣ ዓመቱ በአራት አኃዝ፣ የሳምንቱ ቀን ስምም ይጨመራል። የሳምንቱ ቀን ጌጥ አይደለም፤ ማመሳከሪያ ነው። መስመሯ «ዓርብ» ብትል ኖሮ ለንደን ላይ ነገሩ ያኔውኑ ይነቃ ነበር፤ ሜይ 4 ቀን 2024 ቅዳሜ ነው የዋለው። ጸሐፊው ራሱ ቀኑን ሲሳሳትም የሚያጋልጠው ይኸው ነው። ለሰንጠረዥና ለፋይል ስም ደግሞ ዓመት የሚቀድምበትን ዓለም አቀፍ አጻጻፍ እንጠቀማለን፤ `2024-04-05`። ዓመት ሲቀድም ቀጥሎ የሚመጣው ወር ነው፤ ሰውም ኤክሴልም እንዲሁ ያነቡታል። ፋይሎቹም በስም ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተል ይቆማሉ።

ሰዓቱ፦ 12 AM

ይህ የእኔ ስህተት ነው፤ ስለዚህ ቆም ብዬ አሰብሁበት። በደንቡ ከሄድን `12 AM` የቀኑ መጀመሪያ ነው። ዓርብ `12 AM` ማለት ሐሙስ አልቆ ዓርብ የሚገባበት ቅጽበት። አስተባባሪው በትክክል ነው የጻፈው። እኔ ግን «እስከ ዓርብ እኩለ ሌሊት» ብዬ አነበብሁት፤ ዓርብ የሚባለው ቀን በእጄ ያለ መሰለኝ። ቀነ ገደብ ላይ የአንድን ቀን ስም የሚያይ ሰው ያ ቀን የተሰጠው ይመስለዋል። አማርኛውም እንዲሁ ነው። «እስከ ዓርብ አስረክብ» ስትባሉ ዓርብ አለበት ወይስ የለበትም? ሁለት ሰው ጠይቁ፣ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ።

እኩለ ሌሊት የሁለት ቀን ድንበር ነው፤ ችግሩ ከዚያ ይመነጫል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም ራሱ ይህን ቃል በውል ላይ ከመጠቀም 11:59 ወይም 12:01 ማለት እንደሚሻል ይመክራል። አንዷ ደቂቃ ሰዓቱን ከድንበሩ ላይ አውርዳ በአንዱ ቀን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እኛም መጀመሪያ 23:59 ለማድረግ አስበን ነበር። ተውነው። 23:59 ቀኑን ያጠራል እንጂ የማንን 23:59 እንደሆነ አይናገርም። ደግሞስ በዚያ ሰዓት ፋይሉ ባይከፈት ማን ነቅቶ ይነግረናል?

ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝን። ቀነ ገደቡን ለአራታችንም ቀኑ አንድ በሆነበት ሰዓት ላይ ማድረግ። ይህን ማስላት ከባድ አይደለም። ከእኛ ወደ ኋላ በጣም የቀረው ኒው ዮርክ ነው፤ በኤፕሪል ከዩቲሲ በ4 ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ዩቲሲ 04:00 እስኪደርስ ኒው ዮርክ ላይ ገና ትናንት ነው። በጣም የቀደመው ሕንድ ነው፤ 5 ሰዓት ከ30። ዩቲሲ 18:30 ሲሆን ሕንድ ላይ ነገ ይጀምራል። በ04:00 እና በ18:30 መካከል ያለ ማንኛውም የዩቲሲ ሰዓት ለአራታችንም በአንድ የሳምንት ቀን ይውላል። በዚያ ክልል ውስጥ 16:00 መረጥን። ከዚያ በኋላ «የማን ሐሙስ?» የሚል ጥያቄ አይነሣም።

ይህ ለሁሉም ቡድን አይሠራም፤ ልብ በሉ። አንዱ ካሊፎርኒያ፣ ሌላው ኒውዚላንድ ያለበት ቡድን በኤፕሪል የሚተርፈው የጋራ ክልል ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው፤ እሱም ሁለቱንም ወገን ከሥራ ሰዓታቸው ያስወጣቸዋል። ያኔ የሁሉንም ቀን ስም እየለያዩ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለም።

የሰዓት ሰቁ፦ EST

ሕንድ ያለው ባልደረባችን ከሁላችን ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። `EST` የሚለውን አይቶ ትርጉሙን ፈለገ። ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። 00:00 ላይ አምስት ጨመረ፣ ከዚያ የራሱን 5 ሰዓት ከ30 ጨመረ፣ 10:30 አገኘ። በ10:15 ላከ። ሒሳቡ አንድም ስህተት የለበትም።

ስህተቱ መስመሯ ላይ ነው። `EST` ኒው ዮርክ ከኖቬምበር እስከ ማርች የምትጠቀምበት ሰዓት ስም ነው። ኒው ዮርክ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት የገፋችው እሑድ፣ ማርች 10 ቀን 2024 ነበር። መልእክቱ ከመጻፉ ከስምንት ቀን በፊት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትክክለኛው ምልክት `EDT` ነው፤ ልዩነቱም 4 ሰዓት። ኒው ዮርክ ያለ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ `EST` ይላል፤ «የእኛ ሰዓት» ለማለት። እዚያ ላለ ሰው ምንም አያመጣም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው የሚያየው። ችግር የሚፈጠረው ከሩቅ ሆኖ ቃሉን እንደ ተጻፈ በሚያምን ሰው ላይ ነው። `EST`ን በትክክል ዓመቱን ሙሉ የሚጠቀሙ አገሮች ደግሞ አሉ፤ ፓናማና ጃማይካ።

የዚህ ዓይነት ምልክቶች በጠቅላላ የሚታመኑ አይደሉም። `IST` የሕንድ ነው፣ የእስራኤል ነው፣ የአየርላንድም ነው። `CST` የመካከለኛው አሜሪካም የቻይናም ነው፤ በሁለቱ መካከል 14 ሰዓት አለ። እኛ ከዚያ በኋላ በሦስት ፊደል የተጻፈ የሰዓት ሰቅ አንቀበልም። ወይ የከተማ ስም፣ ወይ ዩቲሲ። እኔ በእኩለ ሌሊቱ ስሳሳት በሰዓት ልዩነቱ ያልተሳሳትሁት ስለማውቅ አልነበረም፤ ስልኬ ላይ «ኒው ዮርክ» ብዬ ስለፈለግሁ ነው። ከተማ ብትሉት ስልኩ ሰዓቷ መቼ እንደተገፋ ያውቃል። ምልክት ብትሉት የጠየቃችሁትን ብቻ ይመልሳል።

መስመሯ እንደገና ስትጻፍ

ያችኑ መስመር እንደ ልምምድ እንደገና ጻፍናት። መጀመሪያ እንዲህ ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር፦

```
Final files due: Thursday 4 April 2024, 16:00 UTC
(12:00 New York, 17:00 London, 21:30 India, 19:00 UTC+3)
Portal closes: Friday 5 April 2024, 21:00 UTC. No extension.
```

ሦስተኛው መስመር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የመጀመሪያው መልእክት ምን ቀን እንደሚፈለግ እንጂ ያ ቀን ለምን እንደተመረጠ አይልም ነበር። ፖርታሉ ዓርብ እንደሚዘጋ ባውቅ ቅዳሜ ጠዋትን አላስብም ነበር። ለንደንም ሜይን አታስብም ነበር። ምክንያቱ ሲጻፍ አንባቢው የራሱን ስህተት በራሱ ይይዛል። በሁለቱ መካከል 29 ሰዓት መኖሩም ይታያል፤ አስተባባሪው የሚሠራበት ጊዜ ያ ነው። የእኛ ቀነ ገደብ የሚገፋ ሊሆን ይችላል፣ የፖርታሉ አይገፋም። የትኛው የቱ እንደሆነ ሰው ማወቅ አለበት።

በቅንፍ ያሉት ሰዓቶች የግድ ናቸው ወይ ብለን ተከራክረናል። አስተባባሪው ዩቲሲ ብቻ ይበቃል ይል ነበር። እኔ ሰው በችኮላ ሲያነብ ሒሳብ አይሠራም እል ነበር። ሁለታችንም በከፊል ልክ እንደነበርን ያወቅነው በጁን ነው። ሌላ ሥራ መጣና መልእክቱን እኔ ጻፍሁት፤ ማክሰኞ፣ ጁን 18፣ 15:00 ዩቲሲ። ለሕንድ 20:00 ብዬ ጻፍሁ። ትክክሉ 20:30 ነው፤ ግማሽ ሰዓቷን ረሳሁ። በደቂቃዎች ውስጥ መልስ መጣ፤ «ዩቲሲው 20:30 ይላል፣ ቅንፉ 20:00 ይላል፣ የትኛውን ልያዝ?»። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ነው። የሚገዛው የዩቲሲው መስመር ነው፤ ቅንፉ እርዳታ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ዩቲሲውን ትይዛላችሁ፣ ለጸሐፊውም ትነግሩታላችሁ። አራት ሰዓት እኩል ሥልጣን ኖሯቸው ቢጻፉ ግን፣ አንዱ ሲሳሳት የትኛው እንደተሳሳተ የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም።

ዩቲሲ የማይበቃበት ቦታ

ይህን አጻጻፍ ከወደድነው በኋላ ለሁሉም ነገር ልንጠቀምበት ፈለግን። የሳምንቱ የስልክ ስብሰባ ላይ ግን አልሠራም።

ስብሰባችን ማክሰኞ ማክሰኞ በኒው ዮርክ 10:00 ነው። አስተባባሪው ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ እዚያ ላይ የታሰረ ነው። ዩቲሲ ብለን ብንጽፈው 14:00 ይሆናል። በኦክቶበር መጨረሻ ግን አውሮፓና አሜሪካ ሰዓታቸውን የሚመልሱት በአንድ ቀን አይደለም። በ2024 ለንደን ኦክቶበር 27 መለሰች፣ ኒው ዮርክ ኖቬምበር 3። በመካከሉ አንድ ሳምንት አለ።

ውጤቱን ተመልከቱ። ኦክቶበር 22 ስብሰባው ለንደን ላይ 15:00 ነበር፣ እኔ ጋ 17:00። ኦክቶበር 29 ለንደን ላይ 14:00 ሆነ፣ እኔ ጋ ያው 17:00። ኖቬምበር 5 ለንደን ወደ 15:00 ተመለሰች፣ እኔ ጋ ግን 18:00 ሆነ፣ እስከ ማርችም እንደዚያው ነው። ለንደን ለአንድ ሳምንት ብቻ ተንገዳገደች፤ ሰዓታችንን የማንቀይረው እኔና ሕንድ ነን ለወራት የተገፋነው። ስብሰባውን «14:00 ዩቲሲ» ብለን አስረነው ቢሆን ኖሮ ኖቬምበር 5 አስተባባሪው በ09:00 መንገድ ላይ እያለ እንደውልለት ነበር።

ስለዚህ ለይተን ያዝን። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሆንና ቅርብ ለሆነ ነገር ዩቲሲ። ለሚደጋገም ነገር የአንድ ከተማ ሰዓት፤ በካሌንደር ግብዣው ውስጥም ሰቁ `America/New_York` ተብሎ ይመረጣል፣ `UTC-4` አይባልም። ቁጥሩ ከስድስት ወር በኋላ ልክ አይሆንም፤ ስሙ ግን ለውጡን ይከተላል። በጣም ሩቅ ለሆነ ቀንም የከተማ ስም ይሻላል፤ መንግሥታት ሰዓታቸውን በአጭር ማስታወቂያ ይቀይራሉና። ማርች 2023 ላይ ሊባኖስ ሰዓት የሚገፋበትን ቀን ለውጡ ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት አዛወረች፤ ከፊሉ ሕዝብ አልቀበልም ብሎ አገሪቱ ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ስትሄድ ሰነበተች፣ ከዚያ ውሳኔው ተሻረ። ከወራት በፊት በዩቲሲ ቁጥር ተይዞ የነበረ የቤሩት ቀጠሮ ያንን ሊያውቅ አይችልም።

«ደርሶኛል» የቀረበት

የመጨረሻው ለውጥ በተቀባዩ በኩል ነው። ያን ማርች ሦስታችንም «ደርሶኛል» ብለን ነበር። ያ ቃል መልእክቱ መድረሱን ይናገራል እንጂ ምን ተብሎ እንደተነበበ አይናገርም። አሁን ቀነ ገደብ ያለበት መልእክት ሲመጣ እያንዳንዱ ሰው የሚመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በራሱ የግድግዳ ሰዓት፣ ከሳምንቱ ቀን ጋር፣ በገዛ ቃሉ። ከመልእክቱ ላይ ገልብጦ አይደለም፤ ራሱ አስልቶ።

ለጁኑ ሥራ ለንደን ያለችው ባልደረባችን የመለሰችው ይህ ነው፦ «ማክሰኞ ጁን 18፣ እኔ ጋ 16:00። በጀቱ ሰኞ ማታ ይደርሳችኋል።» ያነበበችው ትክክል እንደሆነ ለማየት ለአስተባባሪው አምስት ሴኮንድ በቃው።